ከቀለጠ በኋላ መልሼ ፍሪዘር ውስጥ ልክተተው?

ትናንት ማታ የታሸገ የዶሮና የሩዝ ምግብ ከፍሪዘር አውጥቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ጠዋት ሙሉ በሙሉ ቀልጧል። ማሸጊያው ላይ «ከቀለጠ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠቀሙ፤ መልሰው ፍሪዘር ውስጥ አያስገቡ» የሚል አለ። ጽሑፉ ከጉንዳን ስለሚያንስ ዘግይቼ ነው ያየሁት።

ምግቡ ለሁለት ሰው ነው፤ እኔ ብቻዬን ነኝ። ግማሹን ለምሳ በማይክሮዌቭ ሦስት ደቂቃ አሞቅኩት፤ ዳሩ ሲንተከተክ መሃሉ ለብ ብሎ ቀረ። አማስዬ ሁለት ደቂቃ ስጨምርበት ሁሉም ቦታ እንፋሎት ወጣው። መመሪያው የተጻፈው ለ800 ዋት ነው፤ የእኔ 700 ነው።

ያልሞቀው ግማሽ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ማታ ግን ቤት አልበላም። አሁን በደንብ አሙቄ ካቀዘቀዝኩት በኋላ ፍሪዘር ብከተው ክልከላው ይነሳል? ማሸጊያው ላይ ያለው «አንዴ ብቻ ያሙቁ» የሚለውስ? ወይስ ልጣለው?