የሚዜ ቀሚስ ዚፕ ወገብ ላይ ተቀርቅሮ አልወጣም አልወርድም አለ፣ ልብሱ እላይዋ ላይ ነው

ቤቲ_ታቦር
ድረሱልኝ እባካችሁ የእህቴ የሚዜ ቀሚስ ዚፑ ወገቧ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ፣ ማውለቅም አልቻለችም። ሰርጉ ነገ ነው ጠዋት 3 ሰዓት መኪና ይመጣል። በፒንሳ ይዤ ሳብኩት ምንም። ዚፑን ቆርጬ ላውጣው ወይስ ሌላ መላ አለ? ቀሚሱ እንዳይበላሽብኝ። ሐዋሳ ነን፣ በዚህ ሰዓት ክፍት ልብስ ሰፊ የለም

የአዳማ_ልጅ
ሻማ ቅቢው በቃ። እኛ ቤት ሁሌ እንደዛ ነው ጥርሱ ላይ ሻማ ፈተግ ፈተግ ታደርጊና ይሄዳል

አባ_መላ
እህቴ አትቀየሚኝና ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይሄ ነው። የሰርግ ልብስ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይለካል፣ ተለብሶ ቁጭ ብድግ ተብሎበት ይታያል፣ ያኔ ችግሩ ይታወቅና ሰፊው ራሱ ያስተካክለዋል። ሁላችንም ይሄን ነገር ልማድ ማድረግ አለብን፣ ስንት ሰርግ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተያይዛ የቆመች ሚዜ አይቻለሁ

ሰናይት_ስፌት
ቤቲዬ መጀመሪያ ፒንሳውን አስቀምጪው። ሶስት ነገር ንገሪኝ። ጥርሱ ከውጭ ይታያል ወይስ ስፌት መስሎ ተደብቆ ምላሱ ብቻ ነው የሚታየው? ገበር አለው? የተቀረቀረው ወደ ላይ ስትስቢ ነው ወደ ታች?

ዮኒ_ጋራዥ
የስፌት ማሽን ዘይት ሁለት ጠብታ አድርጊበት፣ 5 ደቂቃ ጠብቂና ሳቢው። ብረት ነገር ያለ ዘይት አይላቀቅም

ቤቲ_ታቦር
ጥርሱ አይታይም፣ ትንሽዬ ምላስ ብቻ ናት ያለችው። ገበር አለው። ወደ ላይ ስስብ ነው የቆመው፣ ወገቡ ላይ እንደ ቀበቶ የዞረ ስፌት አለ ልክ እዛ ጋ። ቀሚሱ ሳቲን ነው ክሬም ከለር

ሰናይት_ስፌት
ክሬም ሳቲን ከሆነ ዘይት እንዳታስነኪው። ዮኒ ሀሳብህ ይገባኛል ማለስለስ ይጠቅማል፣ ግን ሳቲን ላይ የወደቀ ዘይት ክብ ሆኖ ይሰራጫል፣ ለነገ ጠዋት አይለቅላትም።

አሁን ስሚኝ ቤቲ። ይሄ ድብቅ ዚፕ የሚባለው ነው። ጥርሱ ወደ ውስጥ የታጠፈ የናይለን ጥቅል ነው፣ የዚፑ ራስ፣ ምላሱ የተንጠለጠለበት የሚንሸራተተው ማለቴ ነው፣ የሚሄደውም ከውስጥ በኩል ነው። ስለዚህ ከውጭ ሆነሽ ምንም አታይም፣ ችግሩ ያለው ከጀርባው ነው። ወገብ ጋ የሚቆመው ደግሞ እዛ ቦታ የላይኛውና የታችኛው ጨርቅ ከነገበሩ ተደራርቦ ስለሚወፍር ነው። እህትሽ ለብሳው ስለሆነ ጨርቁ ግራና ቀኝ ይወጠራል፣ የዚፑ ራስ ያንን ውፍረት መውጣት ሲያቅተው አጠገቡ ያለውን ገበር በአፉ ይነክሳል።

መጀመሪያ እህትሽ አየር አስወጥታ ሆዷን ትሳብ፣ ሌላ ሰው ከኋላዋ ቆሞ ከዚፑ ግራና ቀኝ ያለውን ጨርቅ ወደ መሃል ገፍቶ ይያዝላት። ውጥረቱ ካልረገበ ምንም ብታደርጊ አይሄድም። ከዛ ላይ በተከፈተው በኩል ገበሩን ገልጠሽ በስልክሽ መብራት ከውስጥ እይው። የራሱ አፍ ውስጥ የገባ እጥፋት ታያለሽ ወይም የላላ ክር። ምን እንዳለ ፃፊልኝ

ማሂ_ሐይቅዳር
እኔም እንደዚህ ገጥሞኝ ያውቃል ግን የኔ ሻንጣ ነበር፣ የዚፑ ራስ ይሄዳል ግን ጥርሱ ከኋላው ይከፈታል፣ ወንድሜ ራሱን ግራና ቀኝ በፒንሳ ጠበቅ ጠበቅ ሲያደርገው በአንዴ ተስተካከለ። ቤቲ እንደዛ ሞክሪ

ሰናይት_ስፌት
ማሂ ያንቺ ሌላ ነው። ያንቺ ራስ በአገልግሎት ብዛት አፉ ሰፍቶ ጥርሱን ማግጠም አቅቶት ነው፣ ለሱ ማጥበቅ ልክ ነው። የቤቲ ግን ጨርቅ ነክሶ ነው፣ አሁን ብታጠብቀው ንክሻው ይብሳል። ቤቲ ይሄን አታድርጊ

አባ_መላ
ቀሚሱ ጠቧት ሊሆንም ይችላል እኮ። ዚፕ ላይ ብቻ አናሳብ። ጠባብ ከሆነ ዛሬ ቢላቀቅ ነገም ይቆማል

ቤቲ_ታቦር
አልጠበባትም ባለፈው ወር ያለ ገበር ስትለካው በደንብ ሄዶ ነበር፣ ገበሩ ከዛ በኋላ ነው የገባው። አሁን አየሁት የገበሩ እጥፋት በቀኝ በኩል ገብቷል፣ ቢያንስ የጥፍር ያህል ይሆናል። አንድ ክርም አለ። ጨርቁን ወደ ጎን ስጎትተው ሊቀደድ ነው እህቴም እየተጨነቀች ነው

ሰናይት_ስፌት
ወደ ጎን አትጎትቺ። ራሱ ወደ ላይ እየሄደ ነው የነከሰው፣ ስለዚህ ጨርቁ የገባው ከላይኛው አፍ ነው፣ የሚወጣውም በዛው በኩል ነው። ገበሩን ወደ አንገቷ አቅጣጫ፣ ከዚፑ ጋር ጎን ለጎን፣ ቀስ አድርገሽ ወጥረሽ ያዢ። በሌላ እጅሽ ራሱን ወደ ታች አንድ ጥርስ ያህል ብቻ አውርጂው። ትንሽ ወረደ ማለት ትንሽ ጨርቅ ተለቀቀ ማለት ነው። ደግሞ ወጥሪ፣ ደግሞ አውርጂ። ወደ ላይ መሳብ እስኪለቅ ድረስ የለም፣ በየሳብሽው ቁጥር ሌላ ጨርቅ ትጨምሪለታለሽ።

ክሩን አትጎትቺው፣ በትንሽ መቀስ ጫፍ ቆርጠሽ ቀሪውን በወረንጦ ልቀሚው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ አብዛኛው የቀሚስ ዚፕ ራስ ከምላሱ ስር ትንሽ መቆለፊያ አለችው። ምላሱ ሲነሳ ትነሳለች፣ ምላሱ ሲተኛ ጥርሱ ውስጥ ትገባለች። አንቺ በፒንሳ ራሱን ከነምላሱ ጨምቀሽ ስትስቢ መቆለፊያዋም ጥርሱን ይዛ ስትታገልሽ ነበር። አሁን ስታወርጂው ምላሱን ቀና አድርገሽ በሱ ያዢ፣ ወደ ታች ሳቢው።

ሻማ የተባለው ልክ ነው ግን ነጭ ሻማ ይሁን፣ ባለቀለሙ ሳቲን ላይ ይቀራል። ከራሱ በታች ያለው ጥርስ ላይ ከውስጥ በኩል አንዴ ፈተግ። ሻማ ከነካው በኋላ ደግሞ እዛ ቦታ ካውያ አይደረግም፣ ሰሙ ቀልጦ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ እንደ ቅባት ይታያል። ሻማ ከሌለ ደረቅ ሳሙና ይሆናል

የአዳማ_ልጅ
እኔም ያልኩት ሻማ ነው

ኬቢ
የኔ ጂንስ ነው ብረት ጥርስ፣ እርሳስ ስቀባበት ይሰራል። ጥሩ ነው እርሳስ

ሰናይት_ስፌት
ኬቢ ለብረት ጥርስና ለጥቁር ልብስ አዎ። ክሬም ላይ የእርሳስ ጥቁር መስመር ይቀራል

ቤቲ_ታቦር
ሁለት ጣት ያህል ወረደ!! ግማሹ ጨርቅ ወጣ። ግን አሁን እንደገና ቆመ፣ የቀረው ገበር ጭራሽ ተጠቅልሎ ውስጥ ገብቷል መያዣ እንኳን የለውም። እጄ ላበው

ዮኒ_ጋራዥ
በቃ ራሱን ቁረጪው። ሽቦ መቁረጫ ፒንሳ ካለ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ዚፕ ራስ ርካሽ ነው

አባ_መላ
ቆርጣ ጠዋት ማን ይገጥምላታል? ሰርጉ እኮ እሁድ ነው ሱቅ የለም። መቁረጥ ተስፋ መቁረጥ ነው

ሰናይት_ስፌት
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ግን በተራ ነው። ቤቲ ከመቁረጥ በፊት ይሄን ሞክሪ። ትንሽ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፈልጊ፣ ለመነፅር የሚሆነው አይነት። በእህትሽ ጀርባና በዚፑ መሃል ማንኪያ አስገቢ፣ ቢያመልጥሽ ማንኪያው ላይ ይረፍ። የራሱ የላይና የታች ሳህን መሃል በጎን በኩል ስንጥቅ አለ፣ ጨርቁ የተያዘው በዛ ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ እዛ አስገብተሽ ከግማሽ ሚሊ አይበልጥም፣ በጣም ትንሽ ዞር አድርጊው፣ በተያዘው ጎን ብቻ። አብዛኛው የቀሚስ ራስ ስስ ነው፣ ብዙ ካዞርሽው ይሰነጠቃል። ከፈት ሲል ጨርቁን በወረንጦ ወደ ላይ ሳቢው።

ካልሆነ መቁረጥ። ያኔ የሚቆረጠው ዚፑ አይደለም፣ የቀሚሱ ጥርስም ጨርቅም አይነካም። ራሱን ከላይ ስታይው ሁለቱ የተከፈቱ ጥርሶች የሚገቡባቸው ሁለት አፎች አሉት፣ በመሃላቸው ሁለቱን ሳህኖች ያያያዘች አንዲት ምሰሶ አለች። እሷን ብቻ በሽቦ መቁረጫ ከላይ ጨምቀሽ ቁረጪ። ስትቆረጥ ራሱ ለሁለት ይከፈልና ይወድቃል። ጥርሱ ከታች እንደተያያዘ ይቆያል፣ ከላይ ጀምረሽ ግራና ቀኝ ለየት ስታደርጊው ይከፈታል፣ እህትሽ ትወጣለች። ጥፍር መቁረጫ አትጠቀሚ አቅም የለውም ተንሸራቶ ጨርቅ ይቀዳል።

አዲስ ራስ ሲገዛ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከጀርባው ቁጥር ይኖረዋል፣ የድብቅ ዚፕ ራስ ደግሞ በተራ ዚፕ ራስ አይተካም። ሲገባ ከላይ የዚፑን ሁለት ጫፎች በራሱ የታችኛው ጠባብ አፍ በኩል እኩል ታስገቢያለሽ። አንዱ በአንድ ጥርስ እንኳን ከቀደመ ቀሚሱ አንገት ላይ አንዱ ትከሻ ከፍ ብሎ ይዘጋል፣ በዚያ ታውቂዋለሽ

ማሂ_ሐይቅዳር
ሰናዬ ይሄን ሁሉ የት ተማርሽው?

ሰናይት_ስፌት
ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይን ላይ ሁለት ዓመት ዚፕ ብቻ ነበር የምገጥመው፣ አሁን ቤቴ እሰፋለሁ

ቤቲ_ታቦር
ወጣ!!!!! በካቻቢቴው። እህቴ ወጥታለች እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገበሩ ላይ ትንሽ ንክሻ አለ ሳቲኑ ግን ምንም አልሆነም። አሁን ራሱ ትንሽ የሰፋ ይመስላል፣ ነገ ሰው ፊት ከኋላዋ ቢከፈትስ? ልቀይረው ወይስ በዚሁ ትልበሰው

ዮኒ_ጋራዥ
አንዴ የተከፈተ ብረት አይታመንም። ጠዋት በግድም ቢሆን ሰፊ ፈልጊ

ሰናይት_ስፌት
ብዙ ካልሰፋ እኔ በዚሁ እላለሁ። ሰውነቷ ላይ ሳይሆን አልጋ ላይ ዘርግተሽ 10 ጊዜ ከታች እስከ ላይ ዝጊ ክፈቺ። ከኋላው ጥርስ ካልተለያየ ይበቃል። ከተለያየ ጎኑን ጨርቅ ጣል አድርገሽበት በፒንሳ በጣም ትንሽ ጨመቅ፣ የከፈትሽውን ጎን ብቻ፣ ደግሞ ሞክሪ። አሁን ነው የማሂ ዘዴ ቦታው።

ዋናው ግን ገበሩ ነው። ገበሩ ወደ ጥርሱ በጣም ተጠግቶ ነው የተሰፋው። ወገቡ ጋ ከላይና ከታች አንድ አንድ ስንዝር ያህል ገበሩን ከጥርሱ ወደ ኋላ ግማሽ ሳንቲም መልሰሽ በእጅ ስፊው፣ ክሩ የገበሩን ጨርቅና የዚፑን ጨርቅ ብቻ ይያዝ፣ ሳቲኑን አይብሳ። ነገ ስትዘጋ ደግሞ ወገቡ ጋ ስትደርሺ ቁሚ፣ ጨርቁን ሰብስቢ፣ ከዛ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ

አባ_መላ
ይሄ ጥሩ ምክር ነው። እኔ ግን ለማንኛውም 5 መርፌ ቁልፍ ቦርሳ ውስጥ ትያዝ እላለሁ

ቤቲ_ታቦር
እየሰፋሁ ነው መብራት እንዳይሄድብኝ ብቻ

ማሂ_ሐይቅዳር
ቤቲ ሰርጉ እንዴት ሆነ? ዚፑ ያዘ?

ኬቢ
እኔም እየጠበቅኩ ነው። ሰናይት የኔ ጂንስ ደግሞ የዚፑ ራስ ራሱን ችሎ ይወርዳል፣ መቆለፊያው ሞቶ ይሆን?