ልጁ ተሽሎታል፣ ሁለተኛው ብልቃጥ ይበጥበጥ ወይስ ይቅር?

የዮኒ እናት፦ ሰላም ጎንደሮች፣ ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ ጤና ጣቢያ ቶንሲል ነው ብለው አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ሁለት ብልቃጥ ሰጡኝ፣ ለ10 ቀን። ዛሬ 5ኛው ቀን ነው አንዱ አለቀ፣ ልጁ ግን ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ኳስ ላይ ነው። ሁለተኛውን ልበጥብጠው ወይስ ይበቃዋል?

ናቲ ማራኪ፦ ይበቃዋል። እስኪያልቅ ስጪው ሚሉት ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። 2017 ላይ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ጽፈውታል፣ ቀድሞ ማቆም ጀርሙ መድኃኒቱን እንዲላመድ ያደርጋል ለሚባለው ማስረጃ የለም ብለው። እንደውም መድኃኒቱ በረዘመ ቁጥር ሆድ ውስጥ ያሉት ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው ሚላመዱት። ልጁ እየተጫወተ ምን ያደርግለታል ትርፉ?

አያ ካሴ፦ ኧረ ተው ልጄ! እኔ ሳንባዬን ታምሜ የስድስት ወር መድኃኒት ታዞልኝ በሁለተኛው ወር በረታሁ ብዬ ጣልኩት፣ ተመልሶ ሲመጣ አልጋ ላይ ጣለኝ። ጀምረሽ አታቋርጪ ልጄ።

ባጃጁ ከአዘዞ፦ እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ ስድስት ፍሬ እወስዳለሁ፣ በሦስተኛው ቀን ቀጥ ይላል፣ የተረፈውን ለሚቀጥለው አስቀምጣለሁ። እስካሁን አላሳፈረኝም

ሄለን ፋርማሲ፦ ባጃጁ ወንድሜ፣ ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ አሞክሲሲሊን አይነካውም፣ በሦስተኛው ቀን ባትወስድም ይለቅህ ነበር። አያ ካሴ ይማርዎት፣ ግን የእርስዎ ቲቢ ነው፣ የቲቢ ጀርም ቀስ ብሎ ነው ሚራባው፣ ተደብቆም ይቆያል፣ ከዚህ ጋር አንድ ሚዛን ላይ አይወጣም።

ናቲ አንተ ያልከው ደግሞ ግማሹ ልክ ነው። ጽሁፉ አለ፣ የሆድ ባክቴሪያውም ነገር እውነት ነው። ግን የዮኒ 10 ቀን ከመላመድ ጋር አይገናኝም። ቶንሲል ሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ ሚባለው ጀርም የአሞክሲሲሊንን ዘመድ ፔኒሲሊንን ይኸው ስንት ዘመን እስከ ዛሬ አልተላመደውም፣ ሰው በየቤቱ እያቋረጠ እንኳ። የ10 ቀኑ ምክንያት ልብ ነው። ጉሮሮው በሁለት በሦስት ቀን ይሻለዋል፣ ጀርሙ ግን እዛው ጉሮሮ ላይ ትንሽ ትንሽ ይቀራል፣ ሰውነት ያንን ሲዋጋ የልብን ቫልቭ ከጀርሙ ጋር እያምታታ ይመታል፣ የቁርጥማት የልብ ሕመም ሚባለው ይሄ ነው። ሚመጣው ደግሞ ልጁ ከዳነ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው፣ እናት ቶንሲሉን በረሳችበት ሰዓት። መጀመሪያ ጉልበቱን ያመዋል፣ ያ ሲተወው ወደ ቁርጭምጭሚቱ ይዞራል፣ ሰው ኳስ ነው የመታው ይላል። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉት ናቸው በብዛት ሚጠቁት፣ ዮኒ መሀል ላይ ነው።

ትግስት አራዳ፦ እህቴ እንዲህ ነው የሆነችው። ስድስተኛ ክፍል እያለች ጉሮሮዋን ሁለት ሦስቴ ታማ መድኃኒቱን በአራተኛው ቀን አቁመን ነበር፣ ቁም ሳጥን ላይ ብልቃጡ ለወራት ተቀምጧል ትዝ ይለኛል። አሁን 19 ዓመቷ ነው፣ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ሚባለውን የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች፣ የሳሞና በርን ዳገት እንኳ ሁለቴ አርፋ ነው ምትወጣው። በማቋረጡ ይሁን በሌላ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግረን አልቻለም

ኤክስቴንሽኗ፦ ሁሉም ረጅም ነው እንዳይመስላችሁ ግን። እኔ ገጠር ነው ምሰራው፣ የሕፃናት የሳንባ ምች ለአብዛኛው 5 ቀን አሞክሲሲሊን ነው ምንሰጠው፣ ጠዋትና ማታ። ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ እቆጥራለሁ፣ ከ2 ወር እስከ 11 ወር ያለ ልጅ 50 እና ከዛ በላይ፣ ከዓመት እስከ 5 ዓመት ያለ 40 እና ከዛ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው። ማላዊ ላይ 3000 ልጅ ላይ ያጠኑት 2020 የወጣው ደግሞ አለ፣ ደረታቸው ወደ ውስጥ ሚሰረጉድ ልጆች ላይ 3 ቀን እና 5 ቀን አወዳድረው፣ ያልተሳካላቸው ከመቶ 6 እና 5 አካባቢ ነው፣ እኩል በሉት። ግን መጥባት ያቃተው፣ ሁሉን ሚያስመልሰው፣ ያንቀጠቀጠው ልጅ እዛ ውስጥ አልገባም፣ እሱ ወደ ሆስፒታል ነው።

ናቲ ማራኪ፦ ይኸው! አላልኩም? ሳንባ 3 ቀን ከበቃው ጉሮሮ ምን ቆርጦት ነው 10 ሚፈልገው። ስዊድኖች 2019 ላይ ለጉሮሮ ራሱ 5 ቀንን ከ10 ቀን ጋር አወዳድረው በመዳን እኩል ነው ብለዋል፣ አንብቢው ሄለን

ሄለን ፋርማሲ፦ አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ጥናት ነው፣ ግን ሦስት ነገር ዘለልክ። አንደኛ የሰጡት ፔኒሲሊን ቪ ነው እንጂ አሞክሲሲሊን አይደለም፣ የ5 ቀኖቹ በቀን አራቴ ነው የወሰዱት፣ የዮኒ ሁለቴ ነው፣ ስለዚ የዮኒን ሽሮፕ መሀል ላይ ስታቆመው እነሱ የሞከሩትን እያደረክ አይደለም። ሁለተኛ ምልክቱ እኩል ጠፋ፣ ጀርሙ ግን 5 ቀን ከወሰዱት 80 ከመቶው ላይ ነው የጠፋው፣ 10 ቀን ከወሰዱት 90 ላይ። ሦስተኛ ስዊድን ውስጥ የቁርጥማት የልብ ሕመም ብርቅ ነው፣ እዚህ ግን የትግስትን እህት አየህ። ለሳንባ ምቹ ምንፈልገው ልጁ እንዲድን ነው፣ ለጉሮሮው ደግሞ ጀርሙ እንዲነቀል። እና አጭር ሁሌም ጥሩ አይደለም፣ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የጆሮ ምች ላይ 2016 ላይ በአሞክሲሲሊን ክላቩላኔት አይተውት 5 ቀን የወሰዱት 34 ከመቶ አልተሳካላቸውም፣ 10 ቀን የወሰዱት 16 ከመቶ።

ናቲ ማራኪ፦ እሺ ግን አንድ ነገር መልሽልኝ። ጉሮሮውን ማን ናሙና ወስዶ አየው? የልጅ ጉሮሮ ሕመም አብዛኛው ቫይረስ ነው እያላችሁ ራሳችሁ፣ ታዲያ ለቫይረስ 10 ቀን ከምናጠጣው 5 ቀን አይሻልም?

ሄለን ፋርማሲ፦ እዚህ ላይ አልከራከርህም። ናሙና እምብዛም አይሰራም፣ ባለሙያው በዓይኑ ነው ሚወስነው። የዮኒ እናት፣ ሲጀምረው ሳልና ንፍጥ ነበረው? ክብደቱስ?

የዮኒ እናት፦ ሳልም ንፍጥም የለም፣ 39 ትኩሳት፣ ጉሮሮው ላይ ነጭ ነጭ ነገር፣ አንገቱ ስር አብጦ ሲነኩት ያለቅስ ነበር። 20 ኪሎ ነው፣ 10 ሚሊ ጠዋት 10 ሚሊ ማታ

ሄለን ፋርማሲ፦ ይሄ እንግዲህ ስትሬፕቶኮከስን ነው ሚመስለው፣ እርግጠኛ ባይኮንም። ብልቃጡ ላይ በ5 ሚሊ 250 ሚሊግራም ይላል አይደል? 20 ሚሊ በቀን 1000 ሚሊግራም ነው፣ ለ20 ኪሎ ልክ ነው። 100 ሚሊው ብልቃጥ ታዲያ በ5 ቀን ነው ሚያልቀው፣ ብዙ እናት ብልቃጡ ሲያልቅ መድኃኒቱ ያለቀ ይመስላታል። ሁለተኛውን በዱቄቱ የሰጡሽ ከተበጠበጠ ከሳምንት በላይ ስለማይቆይ ነው። ዛሬ ማታ በጥብጪው። ሽፍታ ከወጣበት ወይ ፊቱ ካበጠ ግን ወዲያው አቁመሽ ውሰጂው፣ ያኔ ጨርሺ ሚባል ነገር የለም።

ናቲ ማራኪ፦ ለዮኒ እሺ። ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ በዓይን ታይቶ 10 ቀን ሚታዘዘው ግን አሁንም አልተዋጠልኝም

ኤክስቴንሽኗ፦ አንተ ሁለት ዓመት ገጠር ስራና ተመለስ 😄

ትግስት አራዳ፦ የ10 ቀኑ ከበደ ካላችሁ አንዲቱ የቤንዛቲን መርፌ አለች'ኮ፣ ያስለቅሳል እንጂ አንዴ ተወግቶ ያልቃል

የዮኒ እናት፦ መርፌ ስለው አልጋ ስር ገባ። በጠበጥኩት፣ አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውሃ። ግን አረፋው ሲወርድ ከምልክቱ ዝቅ አለ፣ ምን ላድርግ?

ሄለን ፋርማሲ፦ እስከ ምልክቱ ጨምሪበትና ድጋሚ ነቅንቂው። ከእያንዳንዱ በፊትም ነቅንቂ፣ ዱቄቱ ታች ይቀመጣል። መለኪያውን ተጠቀሚ፣ የቤት ማንኪያ አንድ አይነት አይደለም

አያ ካሴ፦ እኔ ምን አልኩ ታዲያ ከመጀመሪያው?