ካሩሰላችን ሼር ይደረጋል፣ ሴቭ ግን የለም፤ የቱን ስላይድ ላስቀድም?

ሰብለ፣ ባሕር ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ የሚሄዱ እንግዶችን እናስተናግዳለን። ኢንስታግራም ላይ የለቀቅኩት ካሩሰል 4,000 ሰው ጋ ደርሶ 88 ሼር አገኘ፣ ሴቭ ግን 20 ብቻ። ቀደም ሲል የጀልባ መነሻ ሰዓት የለጠፍኩበት ፖስት 1,500 ሰው ጋ ደርሶ 45 ሴቭ ነበረው። የአሁኑ ቅደም ተከተል፦ 1 ጀልባ፣ 2 የሐይቁ ፎቶ፣ 3 እና 4 የገዳማት ታሪክ፣ 5 የኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች፣ 6 ዋጋና ሰዓት፣ 7 ምን ይዘው እንደሚመጡ፣ 8 ስልክ። ሰው የት ላይ ነው የሚያቋርጠው?

ብሩክ
ስላይዱ በዝቷል እህቴ። 5 አድርጊውና ይስተካከላል።

ሕይወት
እኔ ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት አለኝ። ካሩሰል ትቼ ሪል ብቻ ነው የምለቅ። ዓሣው ሲጠበስ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ሰው ያመጣል። አንቺም ጀልባው ሲነሳ ቅረጪ።

ሰብለ
አመሰግናለሁ ሕይወትዬ፣ እሞክረዋለሁ። ግን ዋጋና ሰዓት ቪዲዮ ላይ አይያዝልኝም፤ ለዚያ ካሩሰሉ ያስፈልገኛል።

ዮናስ
ሰብለ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን ለደረሰው ሰው አካፍይው። የአሁኑ ሴቭ ከመቶ 0.5 ነው፣ የድሮው 3። የአሁኑ ሼር ደግሞ ከመቶ 2.2 ነው፣ ጥሩ ነው። ሰው ፎቶውን ወዶ ለጓደኛው ልኮታል። «በኋላ ያስፈልገኛል» ብሎ የሚያስቀምጠው ነገር ግን አላገኘም። ያ ነገር አለሽ፣ 6ኛው ላይ ተቀብሯል።

የት እንደሚያቋርጡ ኢንስታግራም በየስላይዱ ቆጥሮ አይሰጥሽም። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የውስጥ መልእክትሽን ማየት ነው። «ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ከበዛ፣ ጠያቂው 6ኛው ጋ አልደረሰም ማለት ነው። እኔ ከሁሉም ይህን ነው የማምነው።

ሁለተኛው ስላይዶቹን በተራ ስቶሪ አድርጎ መለጠፍ ነው። ስቶሪ ለእያንዳንዱ የራሱ Insights አለው። Exited የሚለው የት ላይ ድንገት እንደሚያድግ እዪ። Back ታሪኩ ላይ ከበዛ ደግሞ ጽሑፉ ሳያልቅላቸው አልፎባቸዋል፤ ፍላጎት አለ፣ ጽሑፉ ግን ረዝሟል። ይሁንና ስቶሪ በአብዛኛው የሚያየው ተከታይሽ ነው፤ በራሱም ያልፋል። ስለዚህ የሚያቋርጡበትን ቦታ ለመጠርጠር እንጂ መቶኛ ለማውጣት አትጠቀሚበት።

ብሩክ፣ መቁረጡ ይረዳል። ነገር ግን ዋጋው ወደ ፊት ሳይመጣ 5 ቢሆንም ሰው ታሪኩ ላይ ይወጣል።

ሰብለ
መልእክቴን አየሁት። ዋጋና «ሴቶች ይገባሉ ወይ?» የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው የበዙት። ስቶሪው ላይ ደግሞ Exited 3ኛው ላይ ጨመረ።

ዮናስ
በቃ፣ የሴቶቹ ጥያቄ 2ኛው ላይ ይውጣ። ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይገባሉ። ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ ሰው ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

2ኛው ሌላም ሥራ አለበት። አንድ ሰው 1ኛውን አይቶ ሳያንሸራትት ካለፈ፣ ኢንስታግራም አንዳንዴ ካሩሰሉን መልሶ ከ2ኛው ጀምሮ ያሳየዋል። የሐይቁ ፎቶ እዚያ ቦታ ላይ ምንም አይናገርም። 2ኛው ብቻውን የሚገባ ይሁን።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። 1፦ «ወደ ዘጌ ከመነሳትዎ በፊት»። 2፦ «ሴቶች የሚገቡት የትኛው ገዳም ነው?» ከነመልሱ። 3፦ ዋጋና መነሻ ሰዓት፣ ሌላ ጽሑፍ ሳይጨመርበት። 4፦ ምን ይዘው ይምጡ። 5፦ የኡራ ሥዕሎች። 6፦ ታሪኩ በሦስት አጭር መስመር። 7፦ ስልክ። የቀረውን ታሪክ ካፕሽን ላይ አድርጊው፤ የሚያነብ ሰው እዚያ ያነበዋል።

ሰብለ
በአዲሱ ቅደም ተከተል ለቀቅኩት። 2,600 ሰው ጋ ደረሰ። ሴቭ 65፣ ሼር 26። ዋጋ የሚጠይቅ በጣም ቀነሰ። ሼሩ መውረዱ ግን ከነከነኝ።

ብሩክ
ሼር ከወረደ ተበላሽቷል ማለት ነው። የድሮውን መልሽው።

ዮናስ
አልመልሰውም። ሴቭ ከመቶ 2.5 ደርሷል፣ ሼር ወደ 1 ወርዷል። የሚላከው ፎቶ ይመስለኛል፣ የኡራ ሥዕሎች ደግሞ 5ኛው ላይ ናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ጽሑፉን አትንኪ። የሽፋኑን ጀልባ በሥዕሉ ብቻ ቀይሪ። ሁለቱንም ከቀየርሽ የትኛው እንደሠራ አታውቂም።

መቅደስ
እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው የተለቀቀው በጥምቀት ሰሞን ከነበረ፣ ሼሩ የሰሞኑ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚሄድበትን ይላላካል።

ሰብለ
ልክ ነሽ መቅደስዬ፣ የጥምቀት ሳምንት ነበር። ሽፋኑን ቀይሬ በተራ ሳምንት እለቅቀዋለሁ። ሼሩ እንደገና ከወረደ ሽፋኑ አይደለም ማለት ነው?

ዮናስ
አንድ ፖስት ብቻውን አይወስንልሽም። ሁለት ሦስቱን አይተሽ ንገሪን።