ለጃፓን ሠርግ ነጭ ፖስታ ነውር ነው?

ሰናይት፦ ጃፓናዊት የሥራ ባልደረባዬ ልታገባ ነው። ገንዘብ በነጭ ፖስታ ልሰጣት ስል «ነጭ እኮ የሐዘን ነው» አሉኝ። እውነት ነው?

ዮናስ፦ እውነት ነው። በዚያ አካባቢ ነጭ የለቅሶ ነው። ቀይ ፖስታ ግዢና ተገላገዪ።

ሂሩት፦ ዮናስ፣ የቻይናን ደንብ ይዘህ ጃፓን ገባህ። ቀዩ ለደስታ፣ ነጩ ለለቅሶ የሚሆነው ቻይና ውስጥ ነው። ጃፓን የሠርጉም የለቅሶውም ፖስታ ነጭ ነው፤ የሚለያቸው ላዩ ላይ የሚታሰረው ሚዙሂኪ የሚባል የወረቀት ክር ነው። ቀይና ነጭ ወይም ወርቃማና ብርማ ከሆነ ለሠርግ፣ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ለለቅሶ።
ሰናይት፣ ቀለሙን ብቻ አይተሽ እንዳትገዢ፣ ቋጠሮውንም እዪ። እንደ ጫማ ማሰሪያ ሲስቡት የሚፈታው፣ እንደ ልጅ መወለድ ደጋግሞ ቢመጣ ለሚወደድ ደስታ ነው። በሠርግ ቀን ግን «ደግመሽ አግቢ» ይመስላል። የሠርጉ ሲጎትቱት የሚጠብቀው ነው። ከኋላ በኩል ደግሞ የታችኛው እጥፋት ከላይኛው ላይ ይደረብ፤ ከተገለበጠ የለቅሶ አስተጣጠፍ ይሆናል።

ብሩክ፦ እኔም ተጠርቻለሁ። ጥቁር ሱፍ ልልበስ? ጥቁር ደግሞ የሐዘን አይደል?

ሂሩት፦ ጥያቄው ስለ ፖስታ ነበር፤ ግን ነገሩ አንድ ነው። ያንኑ ጥቁር ሱፍ ወንዶች ለሠርግም ለቀብርም ይለብሱታል። ነጭ ወይም ብርማ ክራቫት ካሰርክ ሠርገኛ ነህ፤ ጥቁር ካሰርክ ለቀስተኛ። ሰናይት ግን ነጭ ቀሚስ አትልበስ፤ እሱ የሙሽራዋ ነው።

ማርታ፦ ኧረ አታስጨንቋት! የውጭ ሰው መሆኗን ያውቃሉ፣ ይቅር ይላሉ።

ሂሩት፦ ይቅር ማለቱንስ ይላሉ። ግን ፖስታውን መጀመሪያ የሚቀበለው በር ላይ ያለው አስተናጋጅ ነው፤ ጥቁር ክር ሲያይ ምን ያድርገው?

ዮናስ፦ እሺ፣ ተረታሁ። ስንት ትክተት?

ሂሩት፦ ለጓደኛና ለባልደረባ የተለመደው 30 ሺህ የን ነው፤ 3 አዳዲስ የ10 ሺህ ኖቶች። ያረጀ ብር ለለቅሶ ነው፤ አዲስ ከሆነ ሞቱን ሲጠብቁ ቆዩ ያሰኛል። ስሟንም በደማቅ ጥቁር ቀለም ትጻፍ፤ ፈዘዝ ያለው ግራጫ የሐዘን ነው። 4 ከሞት፣ 9 ከስቃይ ጋር ድምፃቸው ስለሚገጥም ይቀራሉ። 2ም ለሁለት ይከፈላል ተብሎ ይፈራል።

ማርታ፦ እጇ ቢያጥርስ? አንድ የ10 ሺህና ሁለት የ5 ሺህ ኖት አድርጋ 20 ሺህ ትስጥ። ኖቶቹ 3 ስለሚሆኑ ዛሬ ብዙዎች ይቀበሉታል።

ሂሩት፦ ወጣቶቹ ይቀበሉ ይሆናል። የሙሽራዋ አያት ፊት ግን እኔ አልሞክረውም።