የመያዣው ብርና ቀን ያላቸው ፎቶዎች፦ ማስረዳት ያለበት ማን ነው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ሁለት ክፍል ቤት መስከረም 20 ቀን 2017 ገብቼ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ለቀቅኩ። ስገባ ከወር ኪራዩ ውጪ 7,000 ብር መያዣ ሰጥቻለሁ፣ ውሉ ላይም አለ። አሁን ባለቤቱ ለግድግዳ ቀለም 5,000፣ ለተሰበረ መስታወት 2,000 ብለው ሙሉውን አስቀሩት። ስገባም ስወጣም ያነሳኋቸው ቀን ያላቸው ፎቶዎች አሉኝ። «ሙሉ ብሬ ይመለስልኝ» ብዬ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ ገና አልሰጠሁም። ፎቶው ይበቃኛል ወይስ ጉዳቱን ማስረዳት ያለባቸው እሳቸው ናቸው?

ተማሪው፦ እህቴ አትጨነቂ። አዲሱ የኪራይ አዋጅ እኮ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበል ከልክሏል። ኪራይ ጨመሩብሽ ማለት ነው? በአዋጁ ክሰሻቸው።

ጠያቂዋ፦ አልጨመሩም ወንድሜ። የተቀበሉትም የአንድ ወር መያዣ ነው። ጥያቄዬ እሱ እንዲመለስልኝ ነው።

አከራዩ፦ እኔም ቤት አከራያለሁ፣ እዚሁ ከተማ። ቅር አይበላችሁና ከኛ ወገን የሚናገር የለም። ፎቶ ማለት ምንድነው? የስልክን ቀን ማንም ወደኋላ ይመልሰዋል። ተከራይ ሲወጣ ግድግዳው ጠቁሮ፣ መስታወት ተሰብሮ፣ የመብራት ቢል ሳይከፈል ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የት ብለን እንፈልገዋለን? መያዣ የሚያዘው ለዚህ ነው። ደግሞ ደብረ ብርሃን ብርዱ ይታወቃል፤ በር ዘግቶ ከሰል የማያነድ ስንት አለ? ግድግዳውን የሚያበላሸው እሱ ነው።

የሸዋ ሮቢቱ፦ እኔም ደርሶብኛል። ስወጣ ቤቱን አጽድቼ አንድም ሳልተው ፎቶ አነሳሁ። ባለቤቱ «ስትገባ አዲስ ነበር» አለኝ። ስገባ ያነሳሁት ስለሌለኝ መልስ አጣሁ። በሽማግሌ ግማሹን ተመለሰልኝ። የመውጫ ፎቶ ብቻውን ዋጋ የለውም፣ የማወዳደሪያ ነገር ያስፈልጋል።

የሕግ ባለሙያዋ፦ እስቲ ቀስ እንበል። የከሰሰ ያስረዳል የሚለው ደንብ እዚህም ይሠራል፣ ግን አንቺ ብሩን ስትጠይቂ እሳቸው ደግሞ ጉዳት ደርሷል ሲሉ ሁለታችሁም የየራሳችሁን ማስረዳት ሊኖርባችሁ ነው። መጀመሪያ ውልሽን አውጥተሽ አንብቢ። ጸሐፊዎች በሚያዘጋጁት ውል ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ቤቱን በጥሩ ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል መስመር አለ። እሱ ላይ ከፈረምሽ ባለቤቱ ጥሩ ቤት ለመስጠታቸው ማስረጃ ያንቺው ፊርማ ነው። ያኔ የመግቢያ ፎቶሽ ማድመቂያ አይደለም፤ ፊርማሽን የሚያስተባብልልሽ እሱ ብቻ ይሆናል።

ስለ አዋጁ፦ 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። መያዣ ግን ከዚያ ውስጥ ይቆጠራል ወይ የሚለው ያከራክራል። ደግሞ አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ፣ በክልል ደግሞ ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው የሚሠራው። የከተማውን ቤቶች ቢሮ ሳትጠይቂ ደብዳቤሽ ውስጥ አታስገቢው፤ አይመለከተንም ካሉሽ የቀረው ክርክርሽም አብሮ ይላላል።

ጠያቂዋ፦ ውሉን አየሁት። እንዳልሽው ነው እትዬ፣ «በጥሩ ሁኔታ ተረክቤ» ይላል።

ግንበኛው፦ ልስንና ቀለም ሥራዬ ነው። ፎቶውን ካላየሁ ምንም ማለት አልችልም። ግድግዳው ላይ ያለውን ንገሪኝ። ጉዳቱ ከታች ነው ከላይ? ከፍታውስ?

ጠያቂዋ፦ መኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ በጓሮው በኩል ባለው ግድግዳ ከወለሉ ጀምሮ እስከ ጉልበቴ ድረስ ነው። ቀለሙ አብጦ ይላጣል። ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ፤ ስነካው እጄ ላይ ይቀራል። ስገባ ባነሳሁት ላይም አለ፣ ስወጣ ትንሽ ከፍ ብሏል።

ግንበኛው፦ እንግዲያው እሱ ከሰል አይደለም። የከሰል ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ኮርኒስና የግድግዳ አናት ነው የሚያጠቁረው። እንፋሎት ሲሆንም ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ከላይ ማዕዘን ላይ ይወጣል፣ አየር የማይደርስበት ቁም ሣጥን ጀርባም ላይ። ጣሪያ ሲያፈስ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዳር ዳሩ ቢጫ ይሆናል። ከወለል ተነስቶ አግድም መስመር ሠርቶ ጫፉ ላይ ጨው የሚያወጣው ከመሠረት የሚሳብ እርጥበት ነው። ክረምት በሆነ ቁጥር ይመጣል። አሸንዳ በሌለበት ወይም የጓሮው አፈር ከወለሉ ከፍ ባለበት ቤት ሁሌ የማየው ነው። እሱን ተከራይ አያመጣውም። አምስት ሺህ አውጥተው ቀለም ቢቀቡትም በሚቀጥለው ክረምት ይላጣል፤ መጀመሪያ ውሃው ከግድግዳው መራቅ አለበት።

አከራዩ፦ ይሄንን እቀበላለሁ። የኔም ቤት እንደዚያ አድርጎኛል። ግን ሳሎኑስ? ኩሽናውስ? እነሱን ማን አጠቆረ?

ጠያቂዋ፦ ጋሼ፣ የኔ ባለቤት ቤት የጠየቁት የመኝታ ክፍሉን ነው። ኩሽናው ውስጥ ምድጃው ጀርባ የዘይት ምልክት አለ፣ አልዋሽም። መስታወቱም ንፋስ መስኮቱን ሲያጋጨው ነው የተሰበረው፤ አልዘጋሁትም ነበር።

የሕግ ባለሙያዋ፦ እንግዲህ «ሙሉ ብሬ» የሚለውን ተይው። መስታወቱን አምነሽ ሙሉውን ከጠየቅሽ እውነት የሆነውም ጥያቄሽ ይጠረጠራል። መስታወት ቤት ሄደሽ በመስኮቱ ልክ አስለክተሽ የዋጋ ማቅረቢያ አምጪ፤ 2,000 ትክክል ይሁን አይሁን ያኔ ይታወቃል። ልክ ከሆነ ከ7,000 ላይ ተነስቶ ጥያቄሽ 5,000 ይሆናል። ከቀነሰ ልዩነቱን ትጨምሪያለሽ።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ። አከራዩ ያሉት ግማሹ እውነት ነው፣ የስልክ ቀን ይቀየራል። ስለዚህ ቀኑን ከስልክሽ ውጪ የሚያረጋግጥ ነገር እንፈልግ። ለማን ላክሽው?

ጠያቂዋ፦ በገባሁ ማግስት ለባለቤቱ ልጅ በቴሌግራም ሁለት ፎቶ ልኬለታለሁ። «አይዞሽ፣ እናስጠግነዋለን» ብሎ መልሷል።

የሸዋ ሮቢቱ፦ ይሄን ከመጀመሪያው ብትነግሪን! እኔ ብሆን ደብዳቤውን በዚህ ነበር የምጀምረው።

የሕግ ባለሙያዋ፦ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃሽ ይሄ ነው። ልጁ አባቱን ይወክላል አይወክልም ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ፤ ኪራዩን እሱ ይቀበል ከነበረ ግን ክርክራቸው ይደክማል። አሁኑኑ አስቀምጪው። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ Export chat history በሚለው ሙሉውን አውጪ። ለብቻው ስክሪን ሾት ብቻ አትያዢ፤ ከላይና ከታች ያለው ንግግር ተቆርጧል ይሉሻል።

ሌላው ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ያሳንሰዋል፣ ውስጡ ያለውን የቀን መረጃም ያስወግዳል። ስለዚህ ስልክሽ ላይ ያለው ዋናው ፋይል እንዳይጠፋ። ለሌላ ሰው ስትልኪም File ብለሽ ላኪ። አትቁረጪው፣ አታድምቂው፣ ቀስትም አትሳዪበት፤ ምልክት ካስፈለገ በኮፒው ላይ ይሁን።

ጠያቂዋ፦ ዋናው አለ። ስሙ IMG_20240930_101422.jpg ነው። ግን ውሉ መስከረም 20 ቀን 2017 ነው የሚለው፣ ስልኩ ላይ በፈረንጅ ነው። ሰዓቱም አይገጥምም።

የሕግ ባለሙያዋ፦ ይገጥማል። መስከረም 20 ቀን 2017 ማለት ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ነው። 10:14 የሚለው በኛ ከጠዋቱ 4:14 ነው። ደብዳቤው ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፊው፤ ፋይሉን የሚያይ ሰው «ቀኑ አይመሳሰልም» ብሎ እንዳይጥለው።

ግንበኛው፦ ስትወጪ ያነሳሽው ላይ ያው ግድግዳ መሆኑ ይታያል? በቅርብ ብቻ ከሆነ የማንም ግድግዳ ነው።

ጠያቂዋ፦ አንዱ ላይ የመስኮቱ ጠርዝና ሶኬቱ አብረው ይታያሉ። ስገባ ያነሳሁት ላይም ያው ሶኬት አለ።

ግንበኛው፦ በቃ። ሶኬቱን መለኪያ አድርጊው። ስትገቢ እርጥበቱ ከሶኬቱ በታች ስንት እንደነበር፣ ስትወጪ ስንት እንደደረሰ በዓይን ይታያል። ሁለቱን ጎን ለጎን አሳትሚያቸው።

አከራዩ፦ እሺ፣ ፎቶው እውነት ነው ልበል። ግን ከዓመት በላይ ተቀምጦ መውጣት ያለ ቀለም ይሆናል? ቀጣዩ ተከራይ ባልተቀባ ቤት አይገባልኝም። ወጪውን እኔ ብቻ ልሸከም?

የሕግ ባለሙያዋ፦ በኖረበት ልክ የደበዘዘ ቀለምና ተከራዩ ያበላሸው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ኪራዩ የተከፈለበት ነው። ውሉ «ቀብቶ ይወጣል» ካላለ ባለቤቱ በመያዣው አዲስ ቀለም ሊቀባበት አይገባም። የኩሽናው ዘይት ላይ ግን ጋሼ የሚሉት አለ፣ እሱን ለመጨረሻ ልተወው። ተከራዮቻችሁ ሲገቡም ሲወጡም አብራችሁ ዙሩና የሁለታችሁ ፊርማ ያለበት ዝርዝር ያዙ፣ ፎቶውንም እርስዎ ያንሱ። ይሄ ክርክር እናንተንም ይጠብቃል።

እህቴ፣ ደብዳቤውን እንዲህ ቀይሪው፦

«ለአቶ …። መስከረም 20 ቀን 2017 በተፈረመው ውል መሠረት 7,000 ብር መያዣ ሰጥቻለሁ። ጥቅምት 30 ቀን 2018 ቤቱን ለቅቄ ቁልፉን አስረክቤያለሁ። በመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለው እርጥበት ስገባ የነበረ ነው፤ በተያያዘው ፎቶ 1 ይታያል፣ በማግስቱም ለልጅዎ ልኬለት እንደሚያስጠግኑት መልሶልኛል። ፎቶ 2 ያው ግድግዳ በወጣሁ ቀን ነው። የተሰበረውን መስታወት ወጪ በተያያዘው የዋጋ ማቅረቢያ ልክ እቀበላለሁ። ቀሪው ይህ ደብዳቤ ከደረስዎ ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲመለስልኝ አስጠነቅቃለሁ።»

«አስጠነቅቃለሁ» የምትለዋን አታውጪ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት ግዴታውን አልፈጸመም ብለሽ ከመክሰስሽ በፊት ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ሁለት ኮፒ አድርጊና አንዱ ላይ አስፈርሚያቸው። አልፈርምም ካሉ በሁለት ምስክር ፊት ስጪ፣ ወይም በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኪና ደረሰኙን ያዢ።

ተማሪው፦ ቁልፉን ያስረከብሽበት ማስረጃ አለ? የመብራት ቢሉስ?

ጠያቂዋ፦ ቁልፉን ለልጁ ነው የሰጠሁት፣ እሱም በቴሌግራም «ደረሰኝ» ብሎኛል። የጥቅምት ቢል ገና አልወጣም ነበር።

የሕግ ባለሙያዋ፦ ጥሩ ጠየቅህ። ቢሉን ቆጣሪው ባሳየው ንባብ ልክ ከፍለሽ ደረሰኙን ከደብዳቤው ጋር አያይዢው። የቆጣሪው ፎቶ ካለሽ ይቀልልሻል።

አከራዩ፦ የኩሽናውን ዘይትስ ተዋችሁት?

የሕግ ባለሙያዋ፦ አልተውኩትም። በሳሙና የሚለቅ ከሆነ ጽዳት ነው፣ ማጽዳቱን እሷ ትችላለች። ካልለቀቀ የዚያ ግድግዳ ቀለም ብቻ ነው የሚታሰበው፣ የቤቱ ሁሉ አይደለም። ስንት ይሆናል የሚለውን ግን ሁለታችሁም ሳታዩት እዚህ ሆነን አንወስንም።

ጠያቂዋ፦ ነገ ከልጁ ጋር ተቀጣጥሬ ኩሽናውን አጸዳዋለሁ፣ ከማጽዳቴ በፊትም በኋላም አነሳዋለሁ። መስታወት ቤቱንም በዚያው አያለሁ። ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ይሄዳል።