የጋራ ፕሮፖዛል፦ የአንቀጽ 4 ውይይት

ሰብሳቢ፦ አንቀጽ 4 እንዲህ ይላል፦ «አባላት በሰከንድ በ25 ፍሬም ይቀርጹ፤ ለስሎው ሞሽን በ50 ወይም በ100።» የቴሌቪዥን ጣቢያው የሚቀበለው 25 ነው። ያለፈው ሥራ ለምን እንደተመለሰ ታውቃላችሁ፤ ክፍያውም እስካሁን አልተለቀቀም። እስከ ዓርብ አስተያየት።

የድሮን ልጅ፦ ሁላችንም በ60 እንቅረጽ። ፍሬም ከበዛ ኤዲተሯ ትቀንሰዋለች። ለዌብም ለስለስ ብሎ ያምራል።

ኤዲተሯ፦ ያለፈውን ያበላሸው እኮ ይሄ ነው። 60ን ለ25 ስታካፍሉት 2.4 ይመጣል። ፍሬም ደግሞ አይሸረፍም። ሶፍትዌሩ አንዴ በሁለት፣ አንዴ በሦስት እየዘለለ ይወስዳል። ካሜራው ሲዞር አጥሩ ሲደነቃቀፍ አላያችሁም? ፍሬሞቹን ላዋህድ ብል ሯጯ አራት እግር አወጣች። 60 ለስሎው ብቻ ይሆናል። እሱም ፍጥነቱ 41.67 በመቶ ሲሆን ነው። 50 በመቶ ካላችሁት ከየስድስቱ አንድ ፍሬም ይጠፋል።

አንጋፋው፦ «ስሎው ሞሽን» ምንድነው? ፕሮፖዛሉ በአማርኛ ነው። «ዝግተኛ ምስል» ይባል።

ካሜራ 2፦ ጋሼ፣ «ዝግተኛ» ካልን ስፖንሰሩ ሥራ የምናዘገይ ይመስለዋል 😂

አንጋፋው፦ ቀልድ አይደለም።

ካሜራ 3፦ የኔ ካሜራ በ100 ሲቀርጽ ድምፅ አይይዝም። ቃለ መጠይቁን እንዴት ላድርግ?

ኤዲተሯ፦ ቃለ መጠይቅ በ100 ቅረጽ ያለህ ማነው? በ25።

ካሜራ 2፦ «የዘገየ እንቅስቃሴ»ስ?

አንጋፋው፦ ይሄማ የትራፊክ ማስታወቂያ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለት ቀን በአንድ ቃል! ገንዘባችን ተይዟል እኮ።

አንጋፋው፦ ቃል የናቀ ፕሮፖዛል ባይጽፍ ይሻላል። እኔን አውጡኝ።

የድሮን ልጅ፦ እሺ፣ 60 ይቅር። ሁሉንም በ50 ብንቀርጽስ? ለዌብ እንዳለ፣ ለጣቢያው አንድ እየዘለሉ።

ኤዲተሯ፦ አሁን መጣህ። ግን ሹተሩስ? በ1/100 ሰከንድ ከቀረጻችሁ፣ ግማሹ ፍሬም ሲወጣ እንቅስቃሴው ቆረጥ ቆረጥ ይላል። በ1/50 ከሆነ ለጣቢያው ጥሩ ነው፤ ስሎው ስናደርገው ግን ኳሱ ይደበዝዛል። አንዱን መምረጥ አለብን።

የድሮን ልጅ፦ ሁለቱንም ሞክሬ ነገ እልካለሁ።

ካሜራ 2፦ ጋሼ፣ ይቅርታ። «ዝግታ ምስል»ስ?

አንጋፋው፦ እሱ ይሄዳል።

ገንዘብ ያዥ፦ በ50 ከተቀረጸ ፋይሉም ይከብዳል። ካርድ የሚገዛው ማነው? የካርድ በጀት ይግባ።

ካሜራ 3፦ ትራይፖድም ይጨመር።

ሰብሳቢ፦ ዓርብ ደረሰ። የተሻሻለው፦ «ማኅበሩ ለዝግታ ምስል ቀረጻ ካርድና ትራይፖድ ይገዛል። የፍሬም ቁጥር በአባሪ ይገለጻል።»

ኤዲተሯ፦ አባሪውን ማን ይጽፋል? የድሮኑ ልጅ ሙከራውን ሊልክ ከነበረ አራት ቀን ሆነው።