ተዳፋት ላይ የተለኩ ፕሎቶችን ወደ ሄክታር ስቀይር ተቸግሬአለሁ፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስላለ የጽድ ደን የተጻፈ ረቂቅ እያረምኩ ነው። ፕሎቶቹ 20 በ20 ሜትር ሲሆኑ 30 ናቸው፤ በድምሩ 1.2 ሄክታር። የተቆጠረው 517 ዛፍ ስለሆነ በሄክታር 431 መሆን አለበት። ረቂቁ 425 የሚለው አማካዩን 17.23 ቀድሞ ወደ 17 አጠጋግቶ በ25 ስላባዛው ነው። ይህ ቀላል ነው፤ ማጠጋጋቱ መጨረሻ ላይ ብቻ ይሁን ብዬ አስተካክዬዋለሁ።

ባዮማሱ በፕሎት በአማካይ 4,860 ኪሎ ነው። ሰንጠረዡ ግን «12.15 ቶን በሄክታር» ይላል። 4,860 ለ400 ሲካፈል የሚመጣው 12.15 ኪሎ በካሬ ሜትር ነው፤ ቶን በሄክታር የሚሆነው በ10 ሲባዛ ነው፣ 121.5። 12 ቶንማ ቁጥቋጦ እንጂ ያደገ ጽድ አይመስልም።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። ከፕሎቶቹ 10ሩ 30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ ናቸው፤ ሜትሩም የተዘረጋው መሬቱን ተከትሎ ነው። ስለዚህ ቁልቁል ያለው 20 ሜትር በአግድም 17.32 ብቻ ይሆናል፣ ስፋቱም 346 ካሬ ሜትር። ጠቅላላው ወደ 1.146 ሄክታር ሲወርድ እፍጋቱ 451 ይደርሳል። ጠቅላላ ዛፍን ለጠቅላላ ስፋት ላካፍል ወይስ እያንዳንዱን ፕሎት በራሱ ማባዣ (25 ወይም 28.9) ቀይሬ አማካይ ላውጣ? ሁለቱ መንገዶች እኩል አይመጡልኝም፤ ለስታንዳርድ ኤረሩ የትኛው ይሻላል?